የማር ማሞቂያው ቱቦ፦ ሃይድሮሊክ ዲያሜትር ያላየው መጉበጥ (የጉዳይ ጥናት)

ይህ ጉዳይ የራሴ ሥራ ነው። ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የተሳሳተውም በእኔ እጅ ነው። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን ስህተቱ ከተለመደው ዓይነት አለመሆኑ ነው። ቀመሩ ትክክል ነበር፤ ሰንጠረዡም ትክክል ነበር፤ ውጤቱ ግን ከሚጠበቀው ግማሽ እንኳ አልሞላም። የሰዎቹንና የድርጅቱን ስም ትቻለሁ።

ዳራ

ቦታው ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን ዳር ያለ አንድ አነስተኛ የማር ማጣሪያ ነው። ማሩ ከቆላው ወገን በበርሜል ይመጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሲወርድ በርሜሉ ውስጥ ያለው ማር እንደ ቅቤ ይረጋል። ለማጣራት መጀመሪያ ማፍታታት ግድ ነው።

ቀድሞ የሚሠሩት በርሜሉን ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን አቆይተው ነበር። ክፍሉ ማሩን ወደ 25 ዲግሪ ያደርሰዋል። 25 ዲግሪ ላይ ማር ይፈሳል እንጂ በጨርቅ ማጣሪያ አያልፍም፤ ውፍረቱ ከውሃ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። 40 ዲግሪ ሲደርስ ግን ውፍረቱ ወደ አምስተኛ ገደማ ይወርድና ማጣሪያው ይቀበለዋል። ከዚያ በላይ ማሞቅ አይፈለግም፤ ማር በሙቀት መዓዛውን ያጣል፣ ይጠቁራል፣ ገዢም ያውቀዋል።

የተጠየቅሁት በክፍሉና በማጣሪያው መካከል የሚገባ ማሞቂያ ነበር። በሰዓት 84 ኪሎ ማር (በደቂቃ 1 ሊትር ያህል) ከ25 ወደ 40 ዲግሪ እንዲያደርስ። ሙቀቱ የሚመጣው ከ50 ዲግሪ ውሃ ነው። 50 ያልኩት ሆን ብዬ ነው፦ ማሩ የትም ቦታ ላይ ቢቆም ከ50 በላይ እንዳይሄድ።

ንድፉና ሦስቱ መልሶች

ቱቦ በቱቦ ውስጥ መረጥን። ውስጠኛው ስቴንለስ ቱቦ ውጫዊ ዲያሜትሩ 34 ሚሊሜትር፣ ግድግዳው 2 ሚሊሜትር ነው፤ ሙቅ ውሃ ይሄድበታል። ውጫዊው ቱቦ ውስጣዊ ዲያሜትሩ 53 ሚሊሜትር ነው። ማሩ በሁለቱ መካከል ባለው ቀለበት መሰል ክፍተት ያልፋል። ክፍተቱ በሁሉም አቅጣጫ 9.5 ሚሊሜትር ነው፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ።

ክብ ላልሆነ መተላለፊያ ሁላችንም የተማርነው፣ ሃይድሮሊክ ዲያሜትር የሚባል አቋራጭ አለ፦

```
Dh = 4A / P
```

A የመተላለፊያው ስፋት፣ P ፈሳሹ የሚነካው ዙሪያ ነው። ለቀለበት ክፍተት ይህ ሲቃለል የሁለቱ ዲያሜትሮች ልዩነት ይሆናል፦ 53 − 34 = 19 ሚሊሜትር። ከዚያ በኋላ መተላለፊያውን 19 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ቱቦ እንደሆነ ቆጥሮ መቀጠል ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ፤ ቆምኩም። ፍሰቱ የተረጋጋ ወይም የሚናወጥ መሆኑን የሚለየው የሬይኖልድስ ቁጥር 0.1 እንኳ አይሞላም። ማሩ በሰከንድ 13 ሚሊሜትር ብቻ ይንፏቀቃል። ይህ ላሚናር፣ ማለትም ሳይናወጥ በንብርብር የሚሄድ ፍሰት ነው፣ ያውም የመጨረሻው ዓይነት። ሙቀት ከግድግዳው ወደ ፈሳሹ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያልፍ የሚናገረው የኑሰልት ቁጥር ነው፤ በላሚናር ፍሰት ደግሞ ለክብ ቱቦ የሚሠራው 3.66 ለሌላ ቅርጽ አይሠራም። ስሌቱን በሦስት መንገድ ሠራሁት።

በመጀመሪያው መንገድ 19 ሚሊሜትርን ከክብ ቱቦው 3.66 ጋር አገናኘሁ። የሙቀት ማስተላለፊያው መጠን 67 ዋት በካሬ ሜትር በዲግሪ ሆነ፤ የሚያስፈልገው ርዝመት 7.3 ሜትር።

በሁለተኛው፣ አንዳንድ የድሮ መጻሕፍት እንደሚያደርጉት፣ ሙቀት የሚሰጠውን የውስጠኛውን ቱቦ ዙሪያ ብቻ P አድርጌ ወሰድኩ። ዲያሜትሩ 48.6 ሚሊሜትር ሆነ፤ ርዝመቱም 18.6 ሜትር ወጣ።

በሦስተኛው ለራሱ ለቀለበቱ የተሠራውን ሰንጠረዥ ተጠቀምኩ። ውስጠኛው ግድግዳ ሞቆ ውጫዊው በሽፋን ሲታፈን፣ የዲያሜትሮቹ ጥምርታ 0.5 ከሆነ የኑሰልት ቁጥሩ 5.74፣ ክፍተቱ እየጠበበ ጥምርታው ወደ 1 ሲጠጋ 4.86 ነው። የእኛ ጥምርታ 0.64 ስለሆነ 5.4 ያህል ወሰድኩ። ማስተላለፊያው 100 ገደማ፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ሆነ።

አንድ ቱቦ፣ አንድ ማር፣ ሦስት መልስ፦ 5፣ 7.3 እና 18.6 ሜትር። ትክክለኛው በሦስተኛው መንገድ የወጣው 5 ሜትር ነው፤ ምክንያቱም ቅርጹንም የትኛው ግድግዳ እንደሚሞቅም ያውቃል። ቱቦ በገበያ የሚሸጠው በ6 ሜትር ቤርጋ ስለሆነ አንድ ሙሉ ቤርጋ ወሰድን። 6 ሜትር ላይ ማሩ 42 ዲግሪ ይወጣል የሚል ስሌት ነበረኝ። ትንሽ ትርፍ አለው ብዬ ደስ አለኝ።

ችግሩ

ማሞቂያው ሥራ ጀመረ። መውጫው ላይ ከቱቦው በታች በኩል የገባው ቴርሞሜትር 41 አለ። ሁላችንም ተጨባበጥን። ማጣሪያው ግን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ተዘጋ።

ጨርቁን ቀየርን፤ ተዘጋ። ማሩ ውስጥ ሰም ይበዛል ተባለ፤ ሌላ በርሜል ተሞከረ፤ ተዘጋ። የድርጅቱ ኃላፊ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ ሴት፣ በጨዋ ቋንቋ «ወንድሜ፣ የበፊቱ ክፍል ይሻለን ነበር» አለችኝ።

ቴርሞሜትሩን በሦስተኛው ቀን ተጠራጠርኩ። ከመውጫው ማር በባልዲ ተቀብዬ በማማሰያ አገላብጬ ለካሁ፦ 35 ዲግሪ። ቱቦው ላይ ያለው ቴርሞሜትር ያኔም 41 ይላል። ሁለቱም መሣሪያዎች ደህና ነበሩ፤ አፍልተን በዚያው ውሃ አመሳከርናቸው። (እግረ መንገዴን፦ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 100 ስላላነበበ ቴርሞሜትሩን የሚጥል ሰው አጋጥሞኛል።)

ስለዚህ ማሩ መውጫው ላይ አንድ ሙቀት አልነበረውም። ከታች ሞቃት፣ ከላይ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳይቀላቀል ይወጣ ነበር። 35 ዲግሪን ወደ ኋላ ስመልሰው ማስተላለፊያው ከ100 ወደ 45 ወርዷል ማለት ነው። ከግማሽ በታች።

ያልሠሩት ሙከራዎች

መጀመሪያ የውሃውን ሙቀት ወደ 60 አነሳን። በባልዲ የተለካው 39 ደረሰ፤ ማጣሪያውም ማሳለፍ ጀመረ። በሁለተኛው ቀን ግን ከመውጫው ስር የተቀዳው ማር ጠቆር አለ፣ የተቃጠለ ስኳር ጠረንም ያዘ። እዚያ ቦታ ቴርሞሜትሩ 50 ያነብ ነበር። ወዲያው አቆምን። አማካዩ ገና ሳይበቃ አንዱ ክፍል ተበላሸ።

ቀጥሎ ፓምፑን በግማሽ ፍጥነት አዞርነው። ይህ ሠራ፤ 41 ዲግሪ ተቀላቅሎ ወጣ። በተርቡለንት፣ ማለትም በሚናወጥ ፍሰት፣ ፍጥነት ሲቀነስ ማስተላለፊያውም አብሮ ስለሚወርድ ጥቅሙ ትንሽ ነው። በላሚናር ግን ማስተላለፊያው ብዙም አይነካም፣ ማሩ ደግሞ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ በእጥፍ ይጨምራል። ነገር ግን በሰዓት 42 ኪሎ ሆነ፤ የተከፈለኝ ለ84 ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ስሌቱን እንደገና አየሁ። ማር የሚያስተላልፈውን ሙቀት አሳንሼ ለመገመት ሞከርኩ፣ የማሩን ውሃ መጠን ተጠራጠርኩ። ከዚህ ሁሉ አንዱም ከ100 ወደ 45 አያወርድም። ሃይድሮሊክ ዲያሜትሩን ሠላሳ ጊዜ ብሰላው 19 ነው የሚለኝ።

ምክንያቱ እንዴት ተገኘ

ያገኘው የመጋዘኑ ጠባቂ ነው፤ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ። ለሌላ ሥራ የቱቦውን ሽፋን መሃል ላይ ስንገፍፈው ቱቦውን በመዳፋቸው ዳሰሱትና «ይሄ እኮ ሆዱ ይሞቃል፣ ጀርባው በረዶ ነው» አሉ።

እኔም ዳሰስኩ። ከታች ለእጅ ይሞቃል፤ ከላይ የክፍሉን ቅዝቃዜ ይመስላል። ትንሽ ግራ ገባኝ። ሞቃት ፈሳሽ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ቢለያይ እንኳ ሞቃቱ ጀርባው መሆን ነበረበት። ማር ግን ከውፍረቱ የተነሣ በዚህ ጠባብ ክፍተት ውስጥ በራሱ አይገላበጥም። ሆዱ የሞቀው ሞቃቱ ቱቦ ራሱ እዚያ ስለተኛ ነው።

መሃል ላይ ከላይ በኩል ለአየር ማስወጫ የተተወ ቀዳዳ ነበር። ቡሹን ፈትቼ በቀጭን ዘንግ ለካሁ። ከውጫዊው ቱቦ ጣሪያ እስከ ውስጠኛው ቱቦ 9.5 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው 18 አለ። ውስጠኛው ቱቦ ታች ወለሉ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም።

በያጁና እኔ ቱቦው መሃል ላይ መሆኑን ሁለቱ ጫፎች ላይ በካሊፐር አረጋግጠን ነበር። ጫፎቹ ላይ እውነት ነው፤ የጎማ ማሰሪያዎቹ ይዘውታል። 6 ሜትር ቱቦ ሁለት ጫፉ ብቻ ተደግፎ ግን ይጎብጣል። በኋላ ሰላሁት፦ ውሃ የሞላውና ማር ውስጥ ያለው ቱቦ፣ ማሩ ወደ ላይ የሚገፋውን እንኳ ቀንሼ፣ ነፃ ቢሆን መሃሉ ላይ 34 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል። ያለው ቦታ 9.5 ብቻ ነው። የቱቦ መጉበጥን ማስላት ለእኔ ከባድ አልነበረም። የሙቀት ሥራ ነው ብዬ ስለያዝኩት አላሰብኩትም።

ለምን አቋራጩ አያየውም

ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ዋናው ነገር እዚህ ስለሆነ ነው።

ውስጠኛው ቱቦ ከመሃል ወደ ወለሉ ሲወርድ የመተላለፊያው ስፋት አልተለወጠም። ፈሳሹ የሚነካው ዙሪያም አልተለወጠም። ስለዚህ 4A/P ያው 19 ሚሊሜትር ነው። ሃይድሮሊክ ዲያሜትር ቦታ ምን ያህል እንዳለ ይናገራል እንጂ ቦታው የት እንዳለ አይናገርም።

ማሩ ግን ያውቃል። በላሚናር ፍሰት በአንድ ዓይነት ግፊት የሚሄድ ፈሳሽ ፍጥነቱ ከክፍተቱ ወርድ ካሬ ጋር ይሄዳል። ላይኛው ክፍተት ከ9.5 ወደ 19 ሲጠጋ፣ እዚያ ያለው ማር፣ ሌላው ሁኔታ ሳይለወጥ፣ አራት እጥፍ ይፈጥናል። ታች ያለው ጠባቡ ስንጥቅ ውስጥ ያለው ደግሞ ሊቆም ይደርሳል። አብዛኛው ማር በላይኛው ሰፊ መንገድ፣ ከሞቃቱ ቱቦ ርቆ፣ ሳይሞቅ ያልፋል። ታች የቀረው ጥቂት ማር ውሃው ያለበት ሙቀት ድረስ ይሞቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚወስደው ሙቀት የለውም። የጠቆረው እሱ ነው። መውጫው ስር የተተከለው ቴርሞሜትራችን የሚያነበውም የእሱን ጅረት ነው።

ፍሰቱ ተርቡለንት ቢሆን ነገሩ ይህን ያህል አይከፋም ነበር። በተርቡለንት ፍሰት መሃሉ እየተገላበጠ ይቀላቀላል፤ ሙቀት ለማለፍ የሚቸገረው ግድግዳው ላይ ባለች ቀጭን ሽፋን ብቻ ነው። ያቺ ሽፋን ቱቦው ክብ ይሁን አራት ማዕዘን ብዙም ግድ የላትም። አቋራጩ ከ10 እስከ 15 በመቶ ባለ ስህተት የሚያገለግለው ለዚህ ነው። በላሚናር ግን ሙቀት የክፍተቱን ወርድ በሙሉ በንክኪ ብቻ አቋርጦ መሄድ አለበት፤ የመንገዱ ቅርጽ ራሱ መልሱ ይሆናል።

እዚያው ግቢ ውስጥ ተቃራኒ ምሳሌ ነበር። ሞቃት ክፍሉን የሚያሞቀው አየር የሚሄደው በቆርቆሮ በተሠራ 40 በ10 ሴንቲሜትር አራት ማዕዘን ቦይ ነው። ሃይድሮሊክ ዲያሜትሩ 16 ሴንቲሜትር፣ አየሩ በሰከንድ 4 ሜትር ይሄዳል፤ የዚህ ከፍታ አየር ሳሳ ያለ መሆኑን ጨምሬ የሬይኖልድስ ቁጥሩ 30,000 አካባቢ ነው። እዚያ የክብ ቱቦ ቀመርን በ16 ሴንቲሜትር ተጠቅሜ ያወጣሁት ከልኬቱ ጋር ተቀራረበ። ያው ቦይ ማር ቢሄድበት ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። በላሚናር ፍሰት፣ ግድግዳው ሁሉ እኩል ሲሞቅ፣ የኑሰልት ቁጥሩ ለካሬ ቦይ 2.98፣ ለ4 በ1 ቦይ 4.44፣ በጣም ለተደፈጠጠ ቦይ 7.54 ነው። ዲያሜትሩ አንድ ሆኖ መልሱ ከእጥፍ በላይ ይለያያል።

መፍትሔው

ቱቦውን አቁሞ መትከል ቀላሉ ነበር፤ የቤቱ ጣሪያ ግን ከ3 ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ ውስጠኛውን ቱቦ አወጣነውና በየ1 ሜትሩ፣ በአምስት ቦታ፣ ሦስት ሦስት አጫጭር እግሮች በዙሪያው በእኩል ርቀት አስበየድን። እግሮቹ ከጥርስ መፋቂያ ወፈር ያሉ የስቴንለስ ዘንጎች ናቸው፣ ቁመታቸው 9 ሚሊሜትር፤ ለማስገባት ግማሽ ሚሊሜትር ተውን። ጫፋቸውን በሞረድ አለሰለስነው፣ ውጫዊውን ቱቦ እንዳይቧጭርና ማር የሚይዝ ጥግ እንዳይኖር። መጉበጥ ከርዝመቱ አራተኛ ኃይል ጋር ስለሚሄድ፣ ድጋፉ ከ6 ወደ 1 ሜትር ሲያጥር ከመቶኛ ሚሊሜትሮች አይዘልም።

በመጀመሪያ ሙሉ ቀለበት ሠርተን ነበር፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው። በያጁ ቆንጆ አድርጎ ሠራው፣ ግን ማሩ ከኋላው ይቀራል፤ በሙቅ ውሃ ስናጥበው ሰም ተጣብቆበት አገኘን። እግሮቹ ይሻላሉ።

ከጥገናው በፊትና በኋላ አንድ ፈተና ሠርተናል። ሙቅ ውሃ ሳይለቀቅ፣ ከአንድ በርሜል፣ 25 ዲግሪ ላይ፣ ፓምፑ በአንድ ፍጥነት እየዞረ ግፊቱን አነበብን። ሙቀት ስለሌለ የማሩ ውፍረት አይለወጥም፤ የሚለወጠው ቅርጹ ብቻ ነው። በፊት 0.65 ባር ነበር፣ በኋላ 0.95 ሆነ። ሠራተኞቹ ደነገጡ፤ ግፊት ሲጨምር ነገሩ የተዘጋ ይመስላል። እውነቱ ግን ማሩ ያመልጥበት የነበረው ሰፊ መንገድ መዘጋቱ ነው። ሙሉ በሙሉ ወለል ላይ የተኛ ጠባብ ቀለበት፣ ግፊቱ በመሃል ከቆመው 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ሊሆን ይችላል። የእኛ ጫፎቹ መሃል ላይ፣ ሆዱ ወለል ላይ ስለነበር በመካከል ላይ ወደቀ።

ከዚያ 50 ዲግሪ ውሃ ለቀቅን። ባልዲ ውስጥ የተቀላቀለው 41 ዲግሪ ወጣ፤ ስሌቴ 42 ይል ነበር። ቱቦው ላይ ያለው ቴርሞሜትር ደግሞ 39 አነበበ። አሁን ከአማካዩ በታች ነው፣ መሆንም ያለበት ይህ ነው፦ ቴርሞሜትሩ የቆመው ውጫዊው ግድግዳ አጠገብ ነው፣ ማሩ የሚሞቀው ደግሞ ከውስጥ በኩል።

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ የሚሻገረው

አሁን ክብ ያልሆነ መተላለፊያ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የሬይኖልድስ ቁጥሩን እሰላለሁ። ከ2,300 በታች ከሆነ ሃይድሮሊክ ዲያሜትሩን ርዝመት ለመለካት ብቻ እጠቀምበታለሁ፤ የኑሰልት ቁጥሩን ከራሱ ከቅርጹ ሰንጠረዥ፣ የትኛው ግድግዳ እንደሚሞቅ ለይቼ እወስዳለሁ። ለግፊትም እንዲሁ ነው፦ በላሚናር ክብ ቱቦ ላይ የፍትጊያው ቋሚ 64 ሲሆን ለእኛ ዓይነት ቀለበት ከ95 ይበልጣል። 64ን የተጠቀመ ሰው ፓምፑን በሦስተኛ ያህል አሳንሶ ይገዛል።

ለግፊት የሚቆጠረው ዙሪያ ሁለቱንም ግድግዳ ያካትታል፣ ምክንያቱም ሁለቱም ይፈትጋሉ። ለሙቀት አንዱን ብቻ የሚወስዱ መጻሕፍት ለዚያ ዲያሜትር የተዘጋጀ የራሳቸው ቀመር አላቸው። የአንዱን ዲያሜትር ከሌላው ቀመር ጋር ማጋባት ነው 18.6 ሜትር የሚያመጣው። ብዙ ብር የሚበላው እሱ ነው፣ ግን ቢያንስ ማሩን አያቃጥልም።

ሁለተኛው ነገር ቴርሞሜትር ነው። በላሚናር ፍሰት መውጫ ላይ አንድ ቦታ የተነበበ ሙቀት የማንም አማካይ አይደለም። ወይ ከመውጫው በኋላ ማደባለቂያ ማድረግ፣ ወይ በባልዲ ተቀብሎ ማማሰል። እኔ ሦስት ቀን ያጠፋሁት 41 የሚለውን ቁጥር አምኜ ነው።

ሦስተኛው ድጋፍ ነው። ቀለበቱ በወረቀት ላይ እንዳለ በብረቱም ላይ መኖሩን መሃል ላይ መለካት፣ ጫፍ ላይ ሳይሆን። አሁን እያንዳንዱ ማሞቂያ ላይ መሃሉ ላይ አንድ ቡሽ እተዋለሁ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ዘንግ የሚያስገባ ቀዳዳ ብቻ።

ጋሼ ግን ቡሹን አያምኑበትም። ማሞቂያው ሲከፈት ሁልጊዜ ጠዋት ሽፋኑን ገለጥ አድርገው ሆዱንና ጀርባውን በመዳፋቸው ይዳስሳሉ።